ፓምፑ ለምን አልተጠገነም? የመስክ ክትትል ሪፖርት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ

ከመስክ ተመልሰው የሚጻፉ ብዙ ሪፖርቶች መደምደሚያቸው አንድ ዓይነት ነው። «የውሃ ተቋሙ በከፊል አገልግሎት እየሰጠ ነው፤ ኮሚቴው ደካማ ነው፤ የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ብለው ይዘጋሉ። ፊርማና ማኅተም ያርፍባቸዋል፣ ፋይል ይገባሉ። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ባለሙያ እዚያው ቀበሌ ይሄድና ያንኑ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ይጽፋል። የቀበሌው እናቶች በበኩላቸው ጀሪካናቸውን ተሸክመው ወደ ምንጭ መውረዳቸውን አያቆሙም።

እንዲህ ያለ ሪፖርት ውሸት ላይኖርበት ይችላል። ችግሩ ማንም ሰው አንብቦት ነገ ጠዋት ምን እንደሚሠራ አለማወቁ ነው። የመስክ ክትትል ሪፖርት አራት ነገሮችን መያዝ አለበት፦ ምን ታየ፣ መታየቱ በምን ይረጋገጣል፣ ምን ለማድረግ ስምምነት ተደረሰ፣ ማንስ እስከ መቼ ይፈጽመዋል። እነዚህ እንዴት እንደሚያያዙ ለማየት አንድ የተለመደ ጉዳይ በምሳሌ እንውሰድ። አንድ የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ ሰኔ 3 ቀን፣ 80 አባወራ የሚጠቀምበትን አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ለማየት ወደ አንድ ቀበሌ ወጣ እንበል።

ያየኸውን ጻፍ፣ የፈረድከውን አይደለም

ባለሙያው ሲደርስ ፓምፑ ውሃ ያወጣል። ብዙ ሪፖርት እዚህ ላይ «ይሠራል» ተብሎ ያልቃል። ነገር ግን በአገልግሎት ላይ ባለ የእጅ ፓምፕ የሚደረጉ ሁለት ቀላል ሙከራዎች አሉ፤ ከሰዓትና ከባልዲ በቀር መሣሪያ አይፈልጉም።

የመጀመሪያው ፓምፑ ውሃ በደንብ ማውረድ ከጀመረ በኋላ እጀታውን በአንድ ደቂቃ ውስጥ 40 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከላይ እስከ ታች መግፋትና የወጣውን ውሃ መለካት ነው። ከ10 ሊትር ካነሰ ፓምፑ ተከፍቶ መታየት አለበት። ሁለተኛው ደግሞ ፓምፑን ለ30 ደቂቃ ያህል ሳይነኩ አቆይቶ እንደገና መግፋት ነው። ውሃው ለመምጣት ከ5 ጊዜ በላይ መግፋት ከጠየቀ፣ ቱቦው ውስጥ መቆም የነበረበት ውሃ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ፈስሷል ማለት ነው።

በምሳሌያችን ውጤቱ 7 ሊትር ሆነ፤ ከግማሽ ሰዓት እረፍት በኋላም ውሃው የመጣው እጀታው 14 ጊዜ ከተገፋ በኋላ ነው። ምልከታ የሚባለው ይኸው ነው። ሌላ ሰው በማግሥቱ ሄዶ ሊደግመውና ሊያመሳክረው ይችላል። «ጎሚኒው አልቋል» የሚለው ግን ግምት ነው። ዩ ሲል የሚባለው የፒስተን ጎሚኒ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ የታችኛው ፉት ቫልቭ የሚያፈስም፣ የቱቦው መጋጠሚያ የላላም ሊሆን ይችላል። እርግጡ የሚታወቀው ሲከፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ውጤቱን በቁጥር ያሰፍራል፤ መንስኤውን ደግሞ «ተከፍቶ የሚጣራ» ብሎ ይለየዋል።

ማስረጃው በሦስት መንገድ ሲመጣ

ከፓምፑ ቀጥሎ የሚታየው የኮሚቴው ሒሳብ ነው። አባወራው በወር 10 ብር ይከፍላል ተብሎ ተወስኗል። ከመስከረም እስከ ግንቦት ባሉት 9 ወራት 7,200 ብር መሰብሰብ ነበረበት። መዝገቡ ግን 4,900 ብር ብቻ ያሳያል። የ2,300 ብር ጉድለት አለ ማለት ነው።

ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ «የገንዘብ ብክነት ታይቷል» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ አንድ መስመር ለዓመታት በነጻ ያገለገለችን ገንዘብ ያዥ ስም ያጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ኮሚቴ ለመሆን የሚደፍር ሰው አይገኝም። ጥንቁቅ ባለሙያ መጀመሪያ መዝገቡን ከገንዘቡ ጋር ያስታርቃል። በባንክ ደብተሩ 3,150 ብር አለ። በገንዘብ ያዧ እጅ ያለው፣ በእሷው ፊት ሲቆጠር፣ 600 ብር ሆነ። ለአጥር ማደሻና ለዘበኛ የወጣው 1,150 ብር ደረሰኝና የተቀባይ ፊርማ አለው። ሦስቱ ሲደመሩ ልክ 4,900 ብር ናቸው። ወደ መዝገቡ የገባ ገንዘብ ሁሉ ያለበት ታውቋል።

ታዲያ 2,300 ብሩ የት ሄደ? መዝገቡ በወር ሲከፋፈል መልሱ ይታያል። እስከ ታኅሣሥ ባሉት አራት ወራት መሰብሰብ ከነበረበት 3,200 ብር ውስጥ 3,100 ብር ገብቷል። ከጥር እስከ ግንቦት ግን ከ4,000 ብር 1,800 ብር ብቻ ነው የገባው። ባለሙያው ኮሚቴው በሌለበት፣ ፓምፑ ዘንድና ምንጩ ዘንድ ሴቶችን ለየብቻ ሲጠይቅ የሚሰማው ተመሳሳይ ነው፦ ፓምፑ የደከመው በጥር ነው፤ ውሃ ካላገኘን ለምን እንከፍላለን? በሌላ አነጋገር ገንዘቡ አልጠፋም፤ መጀመሪያውኑ አልተሰበሰበም።

ማስረጃ የሚጠነክረው እንዲህ በሦስት መንገድ ሲመጣ ነው፦ በዓይን ታይቶና ተለክቶ፣ በሰነድ ተገኝቶ፣ ከሚመለከታቸው ሰዎች ተሰምቶ። ሦስቱ ከተስማሙ ግኝቱ የጸና ነው። ካልተስማሙ ደግሞ አለመስማማታቸው ራሱ ይጻፋል። ፎቶ ከተነሳ ቀኑና ቦታው ይመዝገብ። ቅሬታ የተናገረ ሰው ስም ግን ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ «ስድስት ተጠቃሚ ሴቶች ለየብቻ ተጠይቀው» ማለት ይበቃል።

ማስረጃው ከየት እንደተሰበሰበ መናገርም የሪፖርቱ ግዴታ ነው። እንግሊዛዊው የገጠር ልማት ተመራማሪ ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ የመስክ ጎብኚዎች በመኪና መንገድ ዳር ያለውን፣ በበጋ የሚታየውንና ፕሮጀክት ያለበትን ብቻ አይተው እንደሚመለሱ ጽፎ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው። ባለሙያው በቀበሌው ካሉት አምስት የውሃ ነጥቦች ለመንገድ የቀረቡትን ሁለቱን ብቻ አይቶ ከሆነ፣ ስለ ሁለቱ ብቻ ይጻፍ፤ ሦስቱ አለመታየታቸውንም ይግለጽ።

ከምክንያቱ በስተጀርባ ያለው ምክንያት

ፓምፑ በጥር ደክሟል፤ ባንክ ውስጥ 3,150 ብር አለ። የመለዋወጫው ዋጋ ሲጠየቅ ከዚያ በታች ሆነ። ታዲያ ለምን አልተጠገነም? ገንዘብ ያዧ የምትመልሰው አጭር ነው፦ «ብሩማ አለ፤ ማውጣት ነው ያቃተን።» የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ከሦስቱ አንዱ በኅዳር ቀበሌውን ለቆ ሄዷል፤ የተተካ ሰው የለም። ባንኩ ደግሞ ፈራሚ ለመቀየር የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤና የወረዳውን ደብዳቤ ይጠይቃል።

እንግዲህ «ኮሚቴው ይጠናከር» ተብሎ ሥልጠና ቢሰጥ ፓምፑ አይጠገንም። የጎደለው አንድ ፊርማ ነው። ክትትሉ እስከዚህ ድረስ ካልወረደ የሚሰጠው መፍትሔ ሁሉ ችግሩን ይስተዋል።

ስምምነቱ የሚደረገው እዚያው ነው

ባለሙያው ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት ኮሚቴውን፣ የቀበሌውን ሥራ አስኪያጅና የአካባቢውን የፓምፕ ጠጋኝ ያስቀምጥና ያየውን ጮክ ብሎ ያነባል። ስህተት ካለ እዚያው ይታረማል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ሥራ ማን እንደሚይዝ ሰዎቹን ራሳቸውን ይጠይቃል። ቢሮ ተመልሶ በሌሉበት ስማቸውን መሙላት ስምምነት አይባልም።

በምሳሌያችን የተያዘው ውል ይህን ይመስላል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እስከ ሰኔ 7 አዲስ ፈራሚ አስመርጠው ቃለ ጉባኤውን ለወረዳው ያደርሳሉ። የወረዳው ባለሙያ፣ ማለትም ራሱ ክትትል ያደረገው ሰው፣ እስከ ሰኔ 12 ለባንኩ የሚሄደውን ደብዳቤ ያስፈርማል። ገንዘብ ያዧ እስከ ሰኔ 17 የፈራሚ ለውጡን በባንክ ታስጨርሳለች፤ እስከ ሰኔ 24 ደግሞ መለዋወጫው ተገዝቶ ደረሰኙ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ጠጋኙ እስከ ሰኔ 28 ፓምፑን ከፍቶ ይጠግንና ሁለቱን ሙከራዎች በኮሚቴው ፊት ይደግማል። ሰብሳቢው ሐምሌ 5 ጠቅላላ ስብሰባ ጠርተው ስለ ወርሃዊ ክፍያው ያወያያሉ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ተጠያቂው አንድ ሰው ነው። ሌሎች ሊያግዙ ይችላሉ፤ ግን «ወረዳውና ኮሚቴው በጋራ» የተባለ ሥራ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይቀራል። ሰውየው ደግሞ ሥራውን የመፈጸም ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ለባንኩ የወረዳውን ደብዳቤ ኮሚቴው ሊጽፍ አይችልም። ሁለተኛ፣ ቀኖቹ ተያያዥ ናቸው። ክፍያው ከጥገናው በፊት ቢጠየቅ ሕዝቡ እንደማይከፍል ማስረጃው ራሱ ተናግሯል። ሰኔ የበጀት መዝጊያ በመሆኑ የወረዳ ቢሮዎች ፋታ የላቸውም፤ ስለዚህ ደብዳቤው በተባለው ቀን መውጣት መቻሉ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሦስተኛ፣ መፈጸሙ በምን እንደሚታወቅ ተጽፏል። ጥገናው ተሳካ የሚባለው 40 ጊዜ ተገፍቶ ከ10 ሊትር ያላነሰ ውሃ ሲወጣ፣ ከግማሽ ሰዓት እረፍት በኋላም ከ5 ጊዜ ባልበለጠ መግፋት ውሃው ሲመጣ ነው።

ቀጣዩ ጉብኝት ከየት ይጀምራል?

ሪፖርቱ ሲዘገይ ዋጋው ይወርዳል። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ሥራ ቀነ ገደብ ሰኔ 7 ነው፤ ሪፖርቱ በወሩ መጨረሻ ቢደርስ ለማንም አይጠቅምም። የስምምነቱ ገጽ እዚያው በእጅ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ አንዱ ቅጂ ኮሚቴው ዘንድ ሊቀር ይገባል። ዝርዝሩ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይከተላል።

የሚቀጥለው ተከታታይ ሥራውን መጀመር ያለበት ከባዶ ቼክሊስት ሳይሆን ከዚህ ገጽ ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ ፊት «ተፈጽሟል» ወይም «አልተፈጸመም» ብሎ ማስረጃውን ያስቀምጣል። «በሂደት ላይ» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ደረጃ እንዳለቀና ምን እንደቀረ ይጻፍበት። አንድ ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይፈጸም ከተገኘ ቀኑን ማራዘም ብቻ ዋጋ የለውም፤ ጉዳዩ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መውጣት አለበት።

መስክ የምትወጡ ባለሙያዎች፣ ሪፖርታችሁን ከመፈረማችሁ በፊት የተጠያቂውን ስም የያዘውን ዓምድ መልሳችሁ አንብቡ። እዚያ ላይ «የሚመለከተው አካል» የሚል ካገኛችሁ ሥራው ገና አላለቀም። በቀበሌያችሁ ክትትል የሚደረግላችሁ ነዋሪዎችም የስምምነቱን ገጽ ቅጂ ሳትቀበሉ ባለሙያውን አትሸኙ፤ ቀኑ ሲያልፍ ማንን እንደምትጠይቁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።