መስመሩ ደህና ሆኖ ቅርንጫፉ ሲቋረጥ

ጀማሪ የኔትወርክ ቴክኒሽያን ከብልሽት በኋላ የሚጽፈው ሪፖርት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ምን ታየ? ምክንያቱ ምን ነበር? መፍትሔው ለምን ዘገየ? የአንድ ቅርንጫፍ ቢሮ ምሳሌ ይህን ያሳያል።

ሪፖርቱ የሚጀምረው በሰዓት ነው። ሠራተኞች ሰኞ «ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ኔትወርክ ጠፋ» ሲሉ፣ መሣሪያዎቹ ያንኑ ሰዓት 08:30 ብለው ይመዘግቡታል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ የነገሮች ቅደም ተከተል ስለሚዛባ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቆጣጠር ይለወጣል።

ቀጥሎ የታየው ብቻ ይጻፋል። ጠዋት የተከፈቱት ኮምፒውተሮች ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር መገናኘት አልቻሉም፤ ከዓርብ ጀምሮ ሳይጠፉ የቆዩት ሁለቱ ግን ይሠሩ ነበር። ቴክኒሽያኑ ራውተሩን አጥፍቶ አበራ፣ ለውጥ የለም። 3፡15 ላይ ለመስመር አቅራቢው አመለከተ፤ «መስመሩ ደህና ነው» የሚለው መልስ የመጣው 5፡30 ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ ይህ ትእዛዝ ተሰጠ፦

```
ipconfig /all
```

የቢሮው አድራሻዎች በ10.20.5 የሚጀምሩ ሲሆኑ፣ ኮምፒውተሩ የያዘው 192.168.1.23 ነበር። አድራሻውን የሰጠው መሣሪያም 192.168.1.1 ተብሎ ታየ። ይህ በብዙ የቤት ዋይፋይ ራውተሮች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣ አድራሻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲከፈት አድራሻ የሚሰጠው ካለ በኔትወርኩ ላይ ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀድሞ የደረሰውን መልስ ይቀበላል። የቅርንጫፉ አድራሻ ሰጪ በዋናው መሥሪያ ቤት ስለሚገኝ መልሱ ሩቅ ተጉዞ ይመጣል። አንድ ሠራተኛ ለስልኩ ብሎ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ያገናኘው የቤት ራውተር ግን እዚያው ስላለ ይቀድማል። ኮምፒውተሮቹም ወደ ውጭ መውጫ የሌለውን ይህን ራውተር እንደ በር ቆጠሩት። ሳይጠፉ የቆዩት ሁለቱ የቀድሞ አድራሻቸውን እንደያዙ ስለነበሩ አልተነኩም።

የስዊቹ መዝገብ ፖርት 14 በ08:10 እንደተከፈተ ያሳያል። ኬብሉን ተከትሎ ራውተሩ ተገኝቶ ተነቀለ፤ ኮምፒውተሮቹ አዲስ አድራሻ ወስደው 7፡00 ላይ ሁሉም ተመለሱ።

ለመዘግየቱ ሪፖርቱ የሚሰጠው ምክንያት የምርመራው ቅደም ተከተል ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር እየተገናኙ መስመሩ ተቋርጧል ሊባል አይችልም። የአንድ ኮምፒውተር አድራሻ መጀመሪያ ቢታይ ኖሮ ለመልስ የተጠበቀው ጊዜ ይተርፍ ነበር።

የመጨረሻው ክፍል መከላከያውን ይገልጻል። ማስተካከያ የሚቀበሉ ብዙ ስዊቾች ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባል መቆጣጠሪያ አላቸው፤ አድራሻ የመስጠት ፈቃድ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ለሚወስደው ፖርት ብቻ ተሰጥቶ ከሌሎቹ የሚመጣው መልስ ይታገዳል። ያ ፖርት በስሕተት ካልተፈቀደለት ግን ትክክለኛው አድራሻ ሰጪም ስለሚታገድ፣ ለውጡ ከሥራ ሰዓት ውጪ ተደርጎ በአንድ ኮምፒውተር ይፈተሻል።