ወረቀቱ ሲበዛ የመደርደሪያው ዘዴ ለምን ይለያል?

መምህር የፈተና ወረቀት አርሞ ውጤት ሊሞላ ሲቀመጥ፣ ቀድሞ ወረቀቱን በተማሪዎቹ ተራ ቁጥር ይደረድራል። አብዛኛው ሰው ይህን የሚሠራው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ከክምሩ አንድ ወረቀት ያነሣል፣ ከተደረደሩት ጋር ከኋላ ጀምሮ አንድ በአንድ ያስተያያል፣ ቦታው ሲገኝ ያስገባዋል። በኮምፒውተር ሙያ ይህ ዘዴ ኢንሰርሽን ሶርት ይባላል፤ እያስገቡ መደርደር ማለት ነው።

ሌላው ዘዴ መርጅ ሶርት ነው፤ ትርጉሙም እያዋሐዱ መደርደር ነው። ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1945 ለኮምፒውተር የጻፈው ይህ ዘዴ መጀመሪያ ወረቀቶቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ያስተካክላል። ከዚያ ጥንዶቹን አዋሕዶ አራት አራት፣ አራቶቹን አዋሕዶ ስምንት ስምንት እያደረገ ይቀጥላል። ሁለት የተደረደሩ ክምሮችን ማዋሐድ ቀላል ነው፤ የሁለቱን የላይኛ ወረቀት ብቻ አይቶ ትንሹን ማንሣት ነው።

ሁለቱን በስምንት ወረቀት እንሞክራቸው። ወረቀቶቹ የተገኙት በዚህ ቅደም ተከተል ነው እንበል፦ 7፣ 3፣ 8፣ 1፣ 6፣ 2፣ 5፣ 4።

እያስገባን ስንደረድር 3 እና 8 አንድ አንድ ጊዜ፣ 1 እና 6 ሦስት ሦስት ጊዜ፣ 2 አምስት ጊዜ፣ 5 አራት ጊዜ፣ 4 ደግሞ አምስት ጊዜ ይነጻጸራሉ። በድምሩ 22 ንጽጽር ይሆናል።

እያዋሐድን ስንደረድር አራቱ ጥንዶች በ4 ንጽጽር 3-7፣ 1-8፣ 2-6 እና 4-5 ይሆናሉ። በሁለተኛው ዙር በ6 ንጽጽር 1-3-7-8 እና 2-4-5-6 የሚባሉ ሁለት ክምሮች ይወጣሉ። የመጨረሻው ዙር ሌላ 6 ይጠይቃል። ድምሩ 16 ነው።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማየት ቁጥር 2ን እንከተል። በመጀመሪያው ዘዴ 2 ወደ ቦታው የደረሰው 8ን፣ 7ን፣ 6ን፣ 3ን እና 1ን አንድ በአንድ ጠይቆ ነው። በሁለተኛው ዘዴ የመጨረሻ ዙር ላይ ግን 1 ከተነሣ በኋላ 2 የተነጻጸረው ከ3 ጋር ብቻ ነው። ከ3 ካነሰ፣ ከ3 በታች ከተደረደሩት ከ7 እና ከ8 ማነሱ የታወቀ ነው፤ መጠየቅ አያስፈልግም። አንድ ንጽጽር የሦስትን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ክምሮቹ አምስት መቶ አምስት መቶ ቢሆኑ ደግሞ አንድ ንጽጽር በመቶ የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን በአንዴ ሊዘጋ ይችላል።

በስምንት ወረቀት ላይ 22 እና 16 ብዙም አይራራቁም። ወረቀቱ 1,024 ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በዘፈቀደ በተቀላቀለ ክምር ላይ አዲስ የሚገባው ወረቀት በአማካይ የተደረደሩትን ግማሽ ያህል ያልፋል፤ የተደረደረው ሲረዝም የሚታለፈውም ይረዝማል። ድምሩ ወደ 262 ሺህ ንጽጽር ይደርሳል። በማዋሐድ ግን 2፣ 4፣ 8 እያልን እጥፍ በእጥፍ ስንሄድ 1,024 የምንደርሰው በ10 ዙር ነው። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ወረቀት ለማንሣት ቢበዛ አንድ ንጽጽር ይበቃል። ስለዚህ ድምሩ በምንም መንገድ ከ9,217 አይበልጥም።

ክምሩን እጥፍ አድርገን 2,048 እናድርሰው። በማስገባት የወረቀቱም ብዛት፣ እያንዳንዱ የሚያልፈውም መንገድ እጥፍ ስለሚሆን ሥራው አራት እጥፍ ይሆናል። በማዋሐድ ግን የተጨመረው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ሥራው ከእጥፍ ጥቂት ይበልጣል። አንድ ሚሊዮን ገደማ ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ወደ 275 ቢሊዮን ንጽጽር ሲፈልግ፣ ሁለተኛው በ20 ዙር ከ20 ሚሊዮን በታች ይጨርሳል። በሰከንድ 100 ሚሊዮን ንጽጽር በሚሠራ ማሽን አንዱ 45 ደቂቃ ያህል፣ ሌላው የሰከንድ አንድ አምስተኛ ይወስዳል።

«የሚገባበትን ቦታ ከመሐል እየከፈልኩ ብፈልግስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ንጽጽሩ በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን በኮምፒውተር ውስጥ በተከታታይ ቦታ በተቀመጠ ዝርዝር ላይ አንዱን መሐል ለማስገባት ከኋላው ያሉትን ሁሉ አንድ አንድ ቦታ መግፋት ግድ ነው። ድካሙ ከማነጻጸር ወደ መግፋት ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

መርጅ ሶርትም ዕዳ አለው፤ የሚዋሐዱትን የሚያስቀምጥበት ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ ወይም ቀድሞውኑ ሊደረደር ጥቂት የቀረው ከሆነ ደግሞ ማስገባቱ ይፈጥናል፤ እያንዳንዱ ወረቀት አንዱን ጎረቤቱን ብቻ ጠይቆ ቦታውን ያገኛልና። ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፓይተን ቋንቋ የሠራው ቲምሶርት ሁለቱንም ያጣመረው ለዚህ ነው፤ አጫጭሩን ክፍል በማስገባት ይደረድርና ረጅሙን በማዋሐድ ይጨርሳል። የአርባ ተማሪ ወረቀት የያዘ መምህር እንደለመደው ቢያስገባ አይጎዳም፤ የአንድ ሺህ ተማሪ ወረቀት የቀረበለት ግን ከፋፍሎ ያዋሕድ።