የዝናቡ ዓምድ እና የሙቀቱ መስመር

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤት ውስጥ የአዲስ አበባን አየር ጠባይ የሚያሳይ አንድ ስላይድ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ዝናቡን በዓምድ፣ ሙቀቱን በመስመር አድርጌ ሁለቱንም አንድ ቻርት ላይ አስቀመጥኳቸው። አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ። ሳቀርበው ግን ከኋላ የተቀመጠ ባልደረባዬ «ክረምት ላይ ሙቀቱ እንዲህ ነው እንዴ የሚያሽቆለቁለው?» አለ። ሌላዋ ቀጠል አድርጋ «ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ዝናቡና ሙቀቱ እኩል ለእኩል ሆኑ» አለች። ሁለቱም የተናገሩት ያዩትን ነው። የተሳሳተው ቻርቱ ነው፣ ቻርቱን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፤ ለአዲስ አበባ በብዛት የሚጠቀሱ የረጅም ዓመታት አማካዮች ናቸው። ዝናቡ በሚሊ ሜትር የወሩ ድምር፣ ሙቀቱ በሴልሺየስ የቀኑ ከፍተኛ አማካይ ነው። መሞከር የፈለገ ኮፒ ያድርግ፦

```
ወር	ዝናብ	ሙቀት
ጃንዋሪ	13	24
ፌብሩዋሪ	30	24
ማርች	58	25
ኤፕሪል	82	24
ሜይ	84	25
ጁን	138	23
ጁላይ	280	21
ኦገስት	290	21
ሴፕቴምበር	149	22
ኦክቶበር	27	23
ኖቬምበር	7	23
ዲሴምበር	7	23
```

ሁለቱን በአንድ ዘንግ ብንስላቸው ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ኤክሴል ለዝናቡ ብሎ ከ0 እስከ 350 የሚደርስ ዘንግ ያወጣል። በዚያ ላይ 25 ዲግሪ ከወለሉ ብዙም ከፍ አይልም። የሙቀቱ መስመር እታች ተኝቶ ቀጥ ያለ ክር ይመስላል፤ 21 ይሁን 25 በዓይን አይለይም። ሁለተኛ ዘንግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ግራው ለሚሊ ሜትር፣ ቀኙ ለዲግሪ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰንጠረዡን መርጣችሁ ከ Insert ውስጥ መጀመሪያ ተራ የዓምድ ቻርት አውጡ። ከዚያ Chart Design ውስጥ Change Chart Type ብላችሁ ከዝርዝሩ ግርጌ Combo የሚለውን ክፈቱ። ሁለቱ ተከታታዮች በስም ተዘርዝረው ይመጣሉ። ለዝናብ Clustered Column፣ ለሙቀት Line ምረጡና ከሙቀቱ ጎን Secondary Axis የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ብዙ ሰው መስመሩን ራሱን በማውዝ ለመያዝ ሲታገል አያለሁ፤ መስመሩ ወለል ላይ ተኝቶ ሳለ እሱን መያዝ ዝንብ እንደማሳደድ ነው፣ በዚህ በኩል ግን ትግል የለም። ጉግል ሺትስ ላይ ደግሞ ቻርቱን Combo chart ካላችሁ በኋላ Customize ውስጥ Series ገብታችሁ ለሙቀቱ Right axis ትሰጡታላችሁ።

እኔ እዚህ ድረስ ሠርቼ አቆምኩ። ስህተቱ የገባው ከዚህ በኋላ ባልነካሁት ነገር ነው።

ኤክሴል የቀኙን ዘንግ በራሱ ከ19 እስከ 26 አድርጎት ነበር። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የተከታታዩ ትንሹ ቁጥር ከትልቁ አምስት ስድስተኛ በላይ ሲሆን ፕሮግራሙ ዘንጉን ከዜሮ መጀመሩን ይተወዋል። 21 ለ25 ሲካፈል 84 በመቶ ነው፤ አምስት ስድስተኛ ደግሞ 83 በመቶ ከምናምን። ለጥቂት አለፈ ማለት ነው። ጁላይ በአንድ ዲግሪ ቀንሶ 20 ቢሆን ኖሮ ዘንጉ ከዜሮ ይጀምር፣ መስመሩም ረጋ ያለ ይሆን ነበር። በዚህች አንዲት ዲግሪ ምክንያት ሜይ ላይ ከጣሪያው ሥር የነበረው መስመር ጁላይ ላይ ከቻርቱ ከፍታ ሲሶ በታች ወረደ። የአራት ዲግሪ ለውጥ በዓይን ሲታይ ገደል ሆነ። ባልደረባዬ ያየው ይህን ነው።

የቀኙን ዘንግ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጌ Bounds ላይ Minimum 0፣ Maximum 35፣ Units ላይ Major 5 ሞላሁ። 35 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ግራው ከ0 እስከ 350 በ50፣ ቀኙ ከ0 እስከ 35 በ5 ሲሄድ ሁለቱም በሰባት እኩል ይከፈላሉ፤ ስለዚህ አግድሙን መስመር ተከትሎ ግራም ቀኝም ማንበብ ይቻላል። ክፍፍሉ ሳይገጥም ሲቀር አግድሙ መስመር ግራውን ብቻ ያገለግላል፤ ቀኙን በግምት ታነባላችሁ። አሁን መስመሩ ከፍታው ብዙም ሳይለዋወጥ ሄዶ ክረምት ላይ በመጠኑ ጎንበስ ይላል። የአዲስ አበባ እውነቱም ይኸው ነው። (ለሴልሺየስ ዜሮ የሙቀት አለመኖር አይደለምና ከዜሮ መጀመር እንደ ዓምዱ ግዴታ አይደለም። ዓምድ ግን ከዜሮ ካልጀመረ ቁመቱ ይዋሻል።)

የሁለተኛዋ ባልደረባዬ አስተያየት ከዚህ ይከብዳል። በመጀመሪያው ቻርት ሴፕቴምበር ላይ የመስመሩ ነጥብ በትክክል የዓምዱ ጫፍ ላይ አርፎ ነበር፦ 22 ዲግሪ ከ149 ሚሊ ሜትር ጋር። የቀኙን ዘንግ ስቀይር ነጥቡ ከዓምዱ በላይ ርቆ ሄደ። ዝናቡም ሙቀቱም አልተነካም፤ የተነካው ዘንጉ ነው። ሚሊ ሜትርና ዲግሪ እኩል ሊሆኑ አይችሉም፤ ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ቻርት ላይ መስመሩ ዓምዱን የሚነካበት ቦታ በተለምዶ ምንም ትርጉም የለውም።

በተለምዶ ያልኩት አንድ የታወቀ ልዩ ሁኔታ ስላለ ነው። ሃይንሪክ ቫልተር እና ሄልሙት ሊት የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ባሳተሙት የአየር ንብረት አትላስ 10 ዲግሪን ከ20 ሚሊ ሜትር ጋር አስተካክለው ሳሉ። እዚያ መገናኛው ሆን ተብሎ የተሰላ ነው፤ ዝናቡ ከሙቀቱ መስመር በታች የሆነበት ወር ደረቅ ወር ይባላል። ለዚህ የምንጠቀመው የቀኑን ከፍተኛ ሳይሆን የወሩን አማካይ ሙቀት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 16 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ድንበሩ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወድቃል። ሰንጠረዡን ተመልከቱ፤ ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ ያሉት አምስት ወሮች ከዚያ በታች ናቸው። የሙቀቱን ዓምድ በወሩ አማካይ ተክታችሁ ግራውን 0 እስከ 300፣ ቀኙን 0 እስከ 150 ብትሉ ይህ ይታያል። መስመሩ በጣም ዝቅ ይላል፣ ውበትም የለውም፤ መገናኛው ግን ትርጉም አለው።

አንድ የኛ አገር ጣጣ ላክልበት። ይህንኑ ቻርት በኢትዮጵያ ወሮች ልሥራ ብዬ ሳስብ ጳጉሜን መጣች። ሴፕቴምበር በቀን በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፤ አምስት ቀን ቢሆን 25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በነሐሴና በመስከረም ረጃጅም ዓምዶች መካከል የጳጉሜን ዓምድ ድርቅ የገባ ያስመስላል። የሙቀቱ መስመር ግን ምንም ሳይሆን ያልፋታል፤ ዓምዱ ድምር ነው፣ መስመሩ አማካይ ነው። አንዱ በቀን ብዛት ያድጋል፣ ሌላው አያድግም። እኔ የወር ድምሩን በቀን ከፍዬ ለመሥራት አስቤያለሁ፤ ከነሐሴ ጋር ደምሮ ማቅረብም ያለ ነው፣ ያኔ ግን ነሐሴ ባለ 35 ቀን መሆኑን ከሥሩ መጻፍ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ወሮች የዝናብ ቻርት ሠርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ጳጉሜንን ምን እንዳደረጋችኋት ጻፉልኝ።