«ይሄ የግሪክ ዩሮ ነው፣ አይሄድም» ለሚላችሁ መንዛሪ፦ የዩሮን ፊደልና ሳንቲም እንዴት እናነባለን?

ከአውሮፓ በሰው እጅ የተላከ ዩሮ ካምፓላ ወይም ናይሮቢ ሲደርስ ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ይሄ የየት አገር ነው?» ጥያቄው ለማወቅ ያህል ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩበት ነበር። ነገር ግን አንዳንድ መንዛሪዎች በኖቱ ላይ ያለውን ፊደል አይተው «ይሄ የግሪክ ነው፣ አይሄድም» ወይም «ቀንሼ ልውሰደው» ይላሉ። እኔ በምኖርባት ካምፓላ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በየስልኩ የሚዞረው የፊደል ዝርዝርም ግማሹ ያረጀ በመሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ፊደሉ ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይል አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ኖቱን ገልብጡትና ድልድይ የተሳለበትን ገጽ እዩ። ተከታታይ ቁጥሩ ያለው እዚያ ነው። ቁጥሩ በአንድ ፊደል ጀምሮ 11 አኃዝ ካስከተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የድሮው ዩሮ ነው። በሁለት ፊደል ጀምሮ 10 አኃዝ ካስከተለ ደግሞ ከ2013 ወዲህ የወጣው አዲሱ ነው። ይህን ሳይለዩ ፊደሉን መተርጎም አይቻልም፤ ምክንያቱም ያው ፊደል በሁለቱ ላይ የተለያየ ነገር ሊናገር ይችላል።

በድሮው ዩሮ ላይ ፊደሉ የሚነግረን ኖቱ በየትኛው አገር ማዕከላዊ ባንክ ትእዛዝ እንደታተመ ነው። X የጀርመን፣ U የፈረንሳይ፣ S የጣሊያን፣ V የስፔን፣ P የኔዘርላንድ፣ N የኦስትሪያ፣ Z የቤልጂየም፣ Y የግሪክ፣ F የማልታ፣ G የቆጵሮስ ነው። ባንኩ ያዘዘውን ሌላ አገር ያለ ማተሚያ ቤት ሊያትመው ስለሚችል ፊደሉ የግድ የታተመበትን ቦታ አያሳይም።

የY ወሬ የመጣው ግሪክ በዕዳ ቀውስ ውስጥ በነበረችባቸው ዓመታት ነው። «ግሪክ ከዩሮ ከወጣች Y ያለበት ወረቀት ይሆናል» ተባለ። ግሪክ አልወጣችም። ከዚያም በላይ የዩሮ ኖት የአንድ አገር ገንዘብ አይደለም፤ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክና የአባል አገራቱ ባንኮች በጋራ የሚያወጡት ነው። የY 20 ዩሮና የX 20 ዩሮ ዋጋቸው እኩል ነው። የድሮው ዩሮም ዛሬ ሕጋዊ ገንዘብ ነው። በዩሮ አገሮች ማዕከላዊ ባንኮች ያለ ጊዜ ገደብ ይቀየራል። ከ2019 ጀምሮ መውጣቱ የቆመው 500 ዩሮም እንዲሁ ዋጋውን እንደያዘ ነው።

በአዲሱ ዩሮ ላይ የመጀመሪያው ፊደል አገርን ሳይሆን ያተመውን ማተሚያ ቤት ነው የሚያሳየው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። E በድሮው ላይ ስሎቫኪያ ሲሆን በአዲሱ ላይ ፈረንሳይ ያለ ማተሚያ ቤት ነው። F ድሮ ማልታ ነበር፣ አሁን ቡልጋሪያ ሶፊያ ያለ ማተሚያ ቤት ሆኗል። W ድሮ ለዴንማርክ ተይዞ የነበረ ፊደል ነው፤ ዴንማርክ ዩሮ ስላልተቀበለች ግን ሳይሠራበት ቀረ። በአዲሱ ላይ W ማለት በጀርመን ላይፕዚግ የታተመ ማለት ነው።

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። አንዲት እህት ከወንድሟ ሁለት ኖት ደረሳት፤ የድሮ 20 እና አዲስ 50። መንዛሪው 20ውን «የግሪክ ነው» አለ። 50ውን ደግሞ «W የዴንማርክ ነው፣ ዴንማርክ ዩሮ የላትም፣ ስለዚህ ፎርጅድ ነው» ብሎ መለሰላት። የመጀመሪያው መልስ ከላይ አለ። ሁለተኛውን ግን ያሳሳተው የድሮ ዝርዝር ይዞ አዲስ ኖት ማንበቡ ነው።

ቁጥሩ ራሱን የሚፈትሽበት መንገድም አለው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ስል ቀይሬያቸዋለሁ። 20ው Y20417365216 ይላል እንበል። Y በላቲን ፊደል ተራ 25ኛ ነው። አኃዞቹን አንድ በአንድ ስንደምር 37 ይመጣል፤ 25 ሲጨመርበት 62። 62 ለ9 ሲካፈል 8 ይተርፋል። በድሮው ዩሮ ላይ ሁልጊዜ መትረፍ ያለበት 8 ነው፣ ስለዚህ ልክ ነው። 50ው ደግሞ WA3105724861 ይበል። W 23ኛ፣ A 1ኛ ናቸው፤ አንድ ላይ 24። አኃዞቹ 37፣ ጠቅላላው 61። ለ9 ሲካፈል 7 ይተርፋል። በአዲሱ ላይ መትረፍ ያለበትም 7 ነው።

ሒሳቡ ካልመጣ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን በትክክል ማንበባችሁን አረጋግጡ። አሁንም ካልመጣ ኖቱ አጠራጣሪ ነው። ሒሳቡ መምጣቱ ግን ትክክለኛ ነው ማለት አይደለም፤ ፎርጅድ የሚሠራው ሰው ከእውነተኛ ኖት ላይ ቁጥር ሊገለብጥ ይችላል። ሁለት ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸው ኖቶች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ካያችሁ ቢያንስ አንዱ ሐሰተኛ ነው። ትልቁ ምርመራ በእጅና በዓይን ነው። ወረቀቱ ጠንከር ያለና የሚኮረኩር ይሁን። አዲሱን ዘንበል ስታደርጉት ከፊት በኩል ታች በግራ ያለው የሚያብረቀርቅ ቁጥር ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጥ። ወደ ብርሃን ስታነሱት ደግሞ የሴት ፊት ይታይ።

ሳንቲም ላይ ነገሩ ይቀላል። አንዱ ጎን ዋጋው የተጻፈበት ሲሆን በሁሉም አገር አንድ ነው። ሌላው ጎን የአገሩ ነው፤ ዙሪያውን 12 ኮከብ አለው። የግሪክ 1 ዩሮ ጉጉት አለበት። የጀርመን 1 እና 2 ዩሮ ንስር አላቸው። የአየርላንድ ሁሉም በገና ነው። የጣሊያን 2 ዩሮ የባለቅኔው ዳንቴ ፊት፣ የኦስትሪያ 1 ዩሮ ደግሞ የሙዚቀኛው ሞዛርት ፊት ነው። RF የሚል ካያችሁ ፈረንሳይ ነው። የማልታ 1 እና 2 ዩሮ ባለ ስምንት ጫፍ መስቀል አላቸው። በ2 ዩሮ ላይ የማታውቁት ሥዕል ብታገኙ አትደንግጡ፤ አገሮቹ ለመታሰቢያ የሚያወጧቸው አሉ፣ በሁሉም የዩሮ አገር ይሠራሉ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ የሌላ አገር ሳንቲም በ2 ዩሮ ስም ሲሰጣችሁ ነው። የታይላንድ 10 ባትና የቱርክ 1 ሊራ በመጠን ይመሳሰሉታል። 12ቱን ኮከብ ፈልጉ፤ ከሌሉ ዩሮ አይደለም። ሌላው ደግሞ፣ በእኛ አካባቢ አብዛኛው መንዛሪ ሳንቲም አይቀበልም። ይህ ግን ከአገሩ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ የጀርመኑንም የግሪኩንም እኩል አይወስድም። ስለዚህ ላኪዎቻችሁ ወረቀቱን እንዲልኩ፣ ሳንቲሙን እዚያው እንዲጠቀሙበት ንገሯቸው።

መንዛሪ የተቀደደ ወይም ያረጀ ኖት አልወስድም ሊል ይችላል፤ የራሱ ንግድ ነው። በፊደሉ ምክንያት ዋጋ ልቀንስ ሲል ግን ምክንያት የለውም። ኖታችሁን መልሳችሁ ያዙና ሌላ መንዛሪ ጋ ሂዱ።