ፕሪንተሩ ርካሽ፣ ቀለሙ ውድ

ኤችፒ 305 የሚባለው ጥቁር የቀለም ካርትሪጅ መዳፍ ውስጥ የሚደበቅ ትንሽ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ቀለም 2 ሚሊ ሊትር ሲሆን የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። አምራቹ በዚህ ቀለም 120 ገጽ ያህል እንደሚታተም ይገልጻል። ካርትሪጁ የሚገጠምለት ዴስክጄት 2700 የተባለው የፕሪንተር ዓይነት ገበያ ላይ ካሉት ርካሾች አንዱ ነው። ያትማል፣ ኮፒና ስካን ያደርጋል፣ በዋይፋይ ከስልክ ጋር ይገናኛል። በአውሮፓ ሱቆች ጥቁሩንና ባለ ቀለሙን ካርትሪጅ ሁለት ዙር የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ አዲስ ፕሪንተር የሚገዛ ገንዘብ አውጥቷል።

የዚህ ንግድ ስሌት የተደበቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በወቅቱ የኤችፒ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ኤንሪኬ ሎሬስ ለሲኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሲናገሩ፣ ደንበኛ ፕሪንተር በገዛ ቁጥር ድርጅታቸው በዚያ ሰው ላይ ገንዘብ እንደሚያፈስ ገልጸዋል። ደንበኛው በበቂ ካላተመ ወይም የድርጅቱን ቀለም ካልገዛ ደግሞ ያ ገንዘብ መጥፎ ኢንቨስትመንት ሆኖ ይቀራል ብለዋል። ማሽኑ በረከሰ ዋጋ የሚሸጠው ትርፉ በኋላ፣ ከቀለሙ እንዲመጣ ታስቦ ነው። ገዢው ግን ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚያየው የማሽኑን ዋጋ ብቻ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቻላል። ለተማሪዎቹ በወር 100 ገጽ የመልመጃ ወረቀት የሚያትም የማስጠኛ ቤት እንውሰድ። የቀለምና የማሽን ዋጋ ከአገር አገር፣ ከወር ወር ስለሚለያይ ለስሌት ያህል ርካሹን ፕሪንተር 60 ዶላር፣ ጥቁሩን ካርትሪጅ 15 ዶላር እንበል። 15 ዶላር ለ120 ገጽ ሲካፈል አንዱ ገጽ 12 ሳንቲም ተኩል ይወጣለታል። በሦስት ዓመት 3,600 ገጽ ይታተማል፤ ይህም 30 ካርትሪጅ፣ ማለትም 450 ዶላር ነው። ከማሽኑ ዋጋ ጋር 510 ዶላር ደረሰ። ከማሽኑ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው የመጀመሪያ ካርትሪጅ ወጪውን ጥቂት ቢቀንሰውም መልኩን አይለውጠውም።

አሁን ደግሞ በአዲስ አበባ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በብዛት ከሚታዩት ባለ ታንክ ፕሪንተሮች አንዱን፣ ኤፕሰን ኤል 3250ን፣ 200 ዶላር ብለን እንያዝ። ይህ ማሽን ካርትሪጅ የለውም። ቀለሙ 103 ከሚባለው ጠርሙስ በቀጥታ ጎኑ ላይ ወዳለው ታንክ ይገለበጣል። የጥቁሩ ጠርሙስ 65 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ አምራቹም 4,500 ገጽ ያትማል ይላል። ጠርሙሱን እንደ ካርትሪጁ በ15 ዶላር ብናስበው አንዱ ገጽ አንድ ሦስተኛ ሳንቲም ያህል ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የመጀመሪያ ቀለም ከፊሉ ቱቦዎቹን ለመሙላት ስለሚሄድ፣ የማስጠኛ ቤቱ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጠርሙስ ይጨምር እንበል። ጠቅላላ ወጪው 215 ዶላር ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን 140 ዶላር የረከሰው ፕሪንተር በሦስት ዓመት 295 ዶላር በልጦ ተገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የካርትሪጁ 2 ሚሊ ሊትር 120 ገጽ ካተመ አንድ ሚሊ ሊትር 60 ገጽ ያትማል ማለት ነው። የጠርሙሱ ደግሞ ለአንድ ሚሊ ሊትር 69 ገጽ ይደርሳል። ሁለቱ ማሽኖች አንድ ገጽ ለማተም የሚፈጁት ቀለም ተቀራራቢ ነው። በምሳሌያችን ግን የካርትሪጁ ቀለም በሊትር 7,500 ዶላር ሲሆን የጠርሙሱ 230 ዶላር ገደማ ነው። በእርግጥ የኤችፒው ካርትሪጅ ቀለም የሚረጩትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ማለትም የማተሚያ ራሱን፣ በላዩ ላይ ይዞ ስለሚመጣ ከባዶ ጠርሙስ የበለጠ የማምረቻ ወጪ አለው። ቢሆንም ከሠላሳ እጥፍ በላይ ለሆነው ልዩነት ዋናው ምክንያት ቅድም የተነገረው የንግድ ስሌት ነው።

ባለ ቀለም ለሚያትም ሰው ሒሳቡ ይብሳል። በርካሾቹ ማሽኖች ሰማያዊው፣ ቀዩና ቢጫው በአንድ ካርትሪጅ ውስጥ ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። የትምህርት ቤቱ አርማ ሰማያዊ ከሆነ ሰማያዊው ቀድሞ ያልቃል፤ ቀዩና ቢጫው ግማሽ ቢቀራቸውም ካርትሪጁ በሙሉ ይጣላል።

ሌላው ጉዳይ የገጽ ቁጥሩ ራሱ ነው። አምራቾች ይህን ቁጥር የሚያወጡት አይኤስኦ/አይኢሲ 24711 በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሲሆን፣ ፈተናው የተወሰኑ መደበኛ ገጾችን ያለማቋረጥ በማተም ይካሄዳል። ቤት ውስጥ ግን ማንም እንደዚያ አያትምም። ሁለት ገጽ ታትሞ ፕሪንተሩ ለሁለት ሳምንት ይቀመጣል። እንደገና ሲበራ ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ ቀለም እየረጨ ራሱን ያጸዳል፤ ያ ቀለም ወረቀት ሳያይ ከማሽኑ ሥር ወዳለው ስፖንጅ ይወርዳል። ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት ፕሪንተሮችን አልፎ አልፎ እያተመ ሲፈትን፣ ብዙዎቹ ከቀለማቸው ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ወረቀት ላይ እንዳዋሉ፣ ጥቂቶቹም ከ20 እስከ 30 በመቶ ብቻ እንዳደረሱ አግኝቷል። እንዲህ ባለ ማሽን 120 ገጽ የተባለለት ካርትሪጅ 60 ገጽ ላይ ቢያልቅ ሊያስገርም አይገባም፤ የገጹም ዋጋ በእጥፍ ያድጋል።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ችግሩ ይበረታል። ፕሪንተር በማብሪያ ማጥፊያ ቁልፉ ሲጠፋ የማተሚያ ራሱ ወደ ማረፊያው ሄዶ በጎማ ክዳን ይሸፈናል። መብራት በማተም ላይ እያለ ከሄደ ወይም ሶኬቱ በድንገት ከተነቀለ ግን ራሱ ባለበት ይቆማል፣ ቀለሙም አየር አግኝቶ ይደርቃል። ፕሪንተሩን ሁልጊዜ ከቁልፉ ማጥፋት ብቻውን ቀለም ያተርፋል።

ታዲያ ለምን ሰው ርካሽ ካርትሪጅ ከሌላ አምራች አይገዛም? ካርትሪጁ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ ትከለክላለች። ፕሪንተሩ ቺፗን አንብቦ ካላወቃት ማተም ያቆማል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 የሌላ አምራች ካርትሪጅ ሲቀበሉ የቆዩ የኤችፒ ኦፊስጄት ማሽኖች በአንድ ቀን ካርትሪጁን አልቀበልም አሉ። ደንበኞች ተቆጥተው ሲጮኹ ድርጅቱ ክልከላውን የሚያነሳ ሶፍትዌር ለሚፈልጉ ለመልቀቅ ተገደደ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌክስማርክ ጉዳይ፣ አምራቹ ካርትሪጁን አንዴ ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብቱ ተጠቅሞ ዳግም መሞላቱን ሊከለክል አይችልም ብሎ ወሰነ። ውሳኔው የፓተንቱን በር ቢዘጋም ቺፗን ግን ከካርትሪጁ ላይ አላወረዳትም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ዓለም አቀፍ የቺፕ እጥረት ሲያጋጥም ካኖን ለአንዳንድ የቢሮ ማሽኖቹ ያለ ቺፕ የተሠራ ቶነር መላክ ጀመረ። ማስጠንቀቂያውን አልፈው እንዴት ማተም እንደሚችሉም ራሱ ለደንበኞቹ አስተማረ። ያለ ቺፕ ማተም እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ውጭ አገር ዘመድ ላለው ኢትዮጵያዊ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። አምራቾች ካርትሪጆችን በዓለም ክፍል ይለያሉ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዴስክጄት 67 የተባለውን ካርትሪጅ ይጠይቃል፤ በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ የሚሸጠው ግን 305 ነው። ሁለቱ በመልክ ቢመሳሰሉም ማሽኑ የሌላውን ክልል ካርትሪጅ አልቀበልም ሊል ይችላል። በስጦታ የመጣው ፕሪንተር የመጀመሪያው ቀለም ካለቀ በኋላ ሌላ ተጓዥ እስኪገኝ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ከዚህም በላይ ኤችፒ ፕላስ በተባለው አሠራር የተመዘገቡ ማሽኖች ዘወትር ከኢንተርኔት መገናኘትና የኩባንያውን ቀለም ብቻ መጠቀም ግዴታቸው ነው። ዘመድ ዕቃ ልላክ ካለ በቅድሚያ የካርትሪጁን ቁጥር ጠይቆ እዚህ መኖሩን ማጣራት ይገባል።

ባለ ታንኩ ፕሪንተር የመጣው ከተጠቃሚዎች እምቢታ ነው። ቀለም የመረራቸው የኢንዶኔዥያ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የፕሪንተሩን ክዳን ከፍተው፣ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከውጭ ጠርሙስ ቀለም እንዲስብ ያደርጉ ነበር። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2010 የራሱን ባለ ታንክ ማሽን መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው እዚያው ኢንዶኔዥያ ነው። ማሽኑን አስወድዶ ቀለሙን አረከሰው።

ይህም ቢሆን እንከን አያጣውም። በባለ ታንኩ የማተሚያ ራሱ የማሽኑ አካል ስለሆነ ከተደፈነ በአዲስ ካርትሪጅ መቀየር አይቻልም። ለወራት ሳይነካ የተቀመጠ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ቀለም የተሞላ ማሽን መስመር እየዘለለ ማተም ይጀምራል፤ ጥገናውም የማሽኑን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። በሳምንት አንዴ እንኳ አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተም ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል። የጽዳት ቀለሙን የሚይዘው ስፖንጅ ሲሞላም ማሽኑ ይቆማል፣ ባለሙያ አጽድቶ ቆጣሪውን ሪሴት እስኪያደርገው ድረስም አያትምም።

ጥቁር ጽሑፍ ብቻ፣ ያውም አልፎ አልፎ ለሚያትም ሰው ሌዘር ፕሪንተር ይሻለዋል፤ ቶነር ዱቄት ስለሆነ ዓመት ቢቀመጥም አይደርቅም። ነገር ግን እዚያም አዲሱ ማሽን ይዞት የሚመጣው ቶነር ብዙ ጊዜ ያልሞላ ነው። ለምሳሌ የኤችፒ ሌዘር 107 ማስጀመሪያ ቶነር 500 ገጽ ሲያትም በኋላ የሚገዛው 1,000 ገጽ ያትማል።

ርካሹ ፕሪንተር ሁልጊዜ ያከስራል ማለት ግን አይደለም። በወር አሥር ገጽ የሚያትም ቤተሰብ በሦስት ዓመት 360 ገጽ ያትማል። በጽዳት የሚባክነውን ካልቆጠርን ሦስት ካርትሪጅ ይበቃዋል፤ ከማሽኑ ጋር 105 ዶላር ቢያወጣ ነው። ለእሱ የ200 ዶላሩ ማሽን ቅንጦት ይሆናል።

ስለዚህ ፕሪንተር ሊገዛ የሄደ ሰው ማሽኑን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የካርትሪጁን ወይም የጠርሙሱን ቁጥር፣ ዋጋውን፣ ያትማል የተባለውን የገጽ ብዛት። ዋጋውን ለገጹ ያካፍል፣ ከዚያም ስንት እንደሚያትም በሐቅ ይገምት። እዚህ በተጠቀምንባቸው ዋጋዎች ሁለቱ ማሽኖች የሚተካከሉት 1,150ኛው ገጽ አካባቢ ነው። ይህ ለሦስት ዓመት ሲካፈል በወር 32 ገጽ ይሆናል። ከዚያ በታች ለሚያትም ርካሹ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ለሚያትም ባለ ታንኩን ይግዛ።