ከተሳዳቢው ጀርባ የቆመው አንባቢ

አንዲት ኬክ ጋጋሪን እናስብ። ቅዳሜ ለስምንት ሰዓት የታዘዘው የልደት ኬክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰ፤ በላዩ የተጻፈው የልጁ ስምም ተሳስቷል። እናትየው ፎቶውን በኬክ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ለጠፈችው። ጋጋሪዋ ማታ ስልኳን ስትከፍት ከሥሩ 300 አስተያየት ተደርድሯል። «እኔንም እንዲሁ አድርጋኛለች» የሚል አለ፤ «ኬኳ ቤተሰቤን አሳመመ» የሚል አለ፤ መልኳን የሚሳደብም አለ።

መጀመሪያ የሚመጣላት ሁሉንም ማጥፋት ነው፤ ካልሆነም መልሶ መሳደብ። ሁለቱንም ከእሷ በፊት አንድ ግዙፍ ኩባንያ ሞክሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ ለኪት ካት ቸኮሌት የሚውለው የፓልም ዘይት የኢንዶኔዥያን ደን እያስጨፈጨፈ ነው የሚል ቪዲዮ አወጣ። አምራቹ ኔስሌ ቪዲዮው ከዩቲዩብ እንዲነሣ አስደረገ፤ ሰዎች ግን እያባዙ በየቦታው ለጠፉት። የኪት ካትን ምልክት ለውጠው መለያ ምስላቸው ያደረጉ ሰዎች በፌስቡክ ገጹ ሲጽፉ፣ ገጹን የሚመራው ሠራተኛ ጽሑፋቸውን እንደሚያጠፋ አስታወቀ፤ ለተከራከሩትም በሽሙጥ መለሰ። በኋላ ማጥፋቱም አነጋገሩም ስሕተት እንደነበር አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ከደኑ ይልቅ የሱ መልስ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ያ ሠራተኛ የጻፈው ለተቆጡት ነው። የሚያነቡት ግን አንድም ቃል ሳይጽፉ የሚያልፉት ብዙኃን ናቸው፤ ነገ ኬክ የሚያዙት ወይም የሚተዉት እነሱ ናቸው። መልስ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውም በእነሱ ዐይን ይመዘናል።

ስለዚህ ጋጋሪያችን ከመጻፏ በፊት የትእዛዝ ደብተሯን ታያለች፤ ኬኩን ያደረሰውንም ልጅ ትጠይቃለች። ቅሬታው እውነት ሆኖ ካገኘችው በዚያው በአደባባይ፣ አንድ ጊዜ ትመልሳለች፦ «ኬኩ ሦስት ሰዓት ዘግይቷል፤ ስሙም ተሳስቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ገንዘብዎን ዛሬ እንመልሳለን፤ የሂሳብ ቁጥርዎን በውስጥ መስመር ይላኩልን።» እዚህ ውስጥ የመንገድ መጨናነቅ አልተነሣም፤ «ቅር ካሰኘንዎት» የሚል ጥርጣሬም የለም።

ወደ ውስጥ መስመር የሚገባው የሂሳብ ቁጥር፣ ስልክና አድራሻ ብቻ ነው። ጥፋቱን ሳያምኑ «በውስጥ ያናግሩን» ብቻ ማለት ለአንባቢው መደበቅ ይመስላል። በውስጥ የሚጻፈውም ፎቶ ተነሥቶ አደባባይ ሊወጣ ይችላል፤ «ጽሑፉን ካጠፉት ገንዘቡን እንመልሳለን» የሚል መልእክት ቢወጣ ከኬኩ የባሰ ቅሌት ይሆናል። ገንዘቡ ሲመለስ ጋጋሪዋ ወደዚያው ቦታ ተመልሳ «ገንዘቡ ተመልሷል» ብላ ትዘጋዋለች። ይህ ካልተጻፈ አንባቢው የሚያየው ቃሉን እንጂ መፈጸሙን አይደለም።

«ቤተሰቤን አሳመመ» ለሚለው ዝምታ አይሆንም። እውነት ይሁን ሐሰት ባይታወቅም ነገሩ ጤና ነው። «መቼ የገዙት ነው? በዚያ ቀን የገዙትን ሌሎች ደንበኞች እየጠየቅን ነው፤ ያገኘነውን ነገ ጠዋት እዚሁ እንጽፋለን» ትላለች፤ በሰዓቱም ትጽፋለች። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ያጣራችውን አንድ ጊዜ ተናግራ ታቆማለች።

መልኳን ለሚሳደበው ግን መልስ የለም። የሚጣራ ነገር አላነሣም፤ መልስ ሲያገኝ ደግሞ ጽሑፉ ከሌሎቹ ቀድሞ ለብዙ ሰው ሊታይ ይችላል። ስድቡ ጸያፍ ከሆነ ገጹ ያለውን የመደበቂያ ምርጫ ትጠቀማለች፤ በፌስቡክ ገጽ ላይ የተደበቀ አስተያየት ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ ይታያል፣ ለሌላው ግን አይታይም። ቅሬታን በዚህ መንገድ መደበቅ ግን የኔስሌን ስሕተት መድገም ነው። ዛቻ ከሆነ መጀመሪያ ምስሉን ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ታመለክታለች።

ታዲያ መቼ ይበቃል? አዲስ ሰዎች እየመጡ «ገንዘቡ ተመለሰላት?» እያሉ ከሆነ ገና መልስ የሚሻ ነገር አለ። መልሱ ከተጻፈ በኋላ እነዚያው ሦስት አራት ስሞች ያንኑ ቃል እየደጋገሙ ከሆነ ግን ጠያቂ አልቀረም። ያን ጊዜ ጋጋሪዋ ስልኳን አስቀምጣ፣ በሚቀጥለው ኬክ ላይ የሚጻፈውን ስም ከትእዛዝ ደብተሯ ጋር ፊደል በፊደል ታመሳክራለች።