አንዱ ታብ ሲሞት ሌሎቹ ለምን አይሞቱም?

ክሮም ላይ ብዙ ታብ ከፍተው አንዱ ድንገት ቢበላሽ “Aw, Snap!” የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ሌሎቹ ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ክሮም በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከመውጣቱ በፊት አብዛኞቹ ብሮውዘሮች ሁሉንም ገጽ በአንድ ፕሮሰስ ያስተናግዱ ስለነበር፣ አንድ ብልሹ ገጽ የተጀመረውን ኢሜይል ሳይቀር ሁሉንም ይዞ ይጠፋ ነበር።

ፕሮሰስ ማለት ሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን የሜሞሪ ክልል ይሰጠዋል፤ የሌላውን ልንካ ቢል አይፈቅድለትም። ትሬድ ደግሞ በፕሮሰሱ ውስጥ የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። የአንድ ፕሮሰስ ትሬዶች ከአንድ መሶብ እንደሚበላ ቤተሰብ ያንኑ ሜሞሪ ይጋራሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው እዚያው ያነበዋል፤ ለመፍጠርም ከፕሮሰስ ይቀላሉ።

ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ከመጋራቱ ነው። ሁለት ትሬዶች አንድ ቆጣሪ ላይ አንድ አንድ ሊጨምሩ ነው እንበል። ቆጣሪው 500 ላይ ነው። የመጀመሪያው 500ን ያነባል፤ ውጤቱን ሳይጽፍ ሁለተኛውም 500ን ያነባል። ሁለቱም አንድ ጨምረው 501 ብለው ይጽፋሉ። 502 መሆን ሲገባው አንዱ ጭማሪ ቀለጠ። ስህተቱ አንድ ቀን ታይቶ ሳምንት ሙሉ ይሰወራል፤ ፕሮግራመሮችን እንቅልፍ የሚነሳውም ይኸው ነው። መፍትሔው ቁልፍ ነው፦ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል። ቁልፉ ሲበዛ ግን ሁሉም እየተጠባበቀ ፍጥነቱ ይሞታል። በዚያ ላይ አንድ ትሬድ ያልተፈቀደ ሜሞሪ ቢነካ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚዘጋው እሱን ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሱን በሙሉ ነው።

ክሮም ሁለቱንም ይጠቀማል። ከማያውቁት ድረ ገጽ የመጣን ኮድ ማመን ስለማይቻል፣ ገጾችን በተለያዩ ፕሮሰሶች ይለያያቸዋል። በአንዱ ገጽ ውስጥ ግን ሥራውን ለትሬዶች ያከፋፍላል፤ አንዱ የገጹን ኮድ ሲያስኬድ ሌላው ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትታል። ቁልፍ ሲጫኑ መልስ የማይሰጥ ገጽ አንዳንዴ ሲንሸራተት የሚታየው ለዚህ ነው። Shift+Esc ቢጫኑ ደግሞ የፕሮሰሶቹ ዝርዝር ከሚወስዱት ሜሞሪ ጋር ይወጣል።

ያ ዝርዝር ዋጋውንም ያሳያል። በ2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት ይፋ ሲወጣ፣ አንድ ገጽ በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ያለ የሌላ ድረ ገጽን ምስጢር ሊያነብ እንደሚችል ታወቀ። ክሮም 67 በኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን ድረ ገጽ ለየፕሮሰሱ አደረገው። በጎግል ገለጻ ይህ የሜሞሪ ፍጆታውን ከ10 እስከ 13 በመቶ ጨምሮታል። ኮምፒውተር ይችለዋል፤ ስልክ ግን አይችልም። ስለዚህ ጥበቃው በ2019 ወደ አንድሮይድ ሲሻገር በቂ ራም ላላቸው ስልኮች፣ ያውም ተጠቃሚው የይለፍ ቃል ለሚያስገባባቸው ድረ ገጾች ብቻ ሆነ።